ቴሌግራም ላይ የማታውቁት ሰው ግሩፕ ውስጥ እንዳይከታችሁ እንዴት ነው የሚዘጋው

ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ሞባይል ቤት ነው የምሠራው፣ ስክሪን ሊያስቀይር ወይ ቻርጀር ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል መጨረሻ ላይ «እግረ መንገድህን ይሄንንም እይልኝ» ብሎ ቴሌግራሙን ከፍቶ ያሳየኛል። የሚያሳየኝም ሁሌ አንድ አይነት ነገር ነው፣ የማያውቀው ግሩፕ ውስጥ ገብቷል፣ ማን እንዳስገባው አያውቅም፣ ሲወጣ ደሞ በሌላ ስም ሌላ ግሩፕ ይመጣል። አንዱ የክሪፕቶ ነው፣ አንዱ «ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ቪዲዮ ላይክ በማድረግ ብቻ ብር ሥሩ» ነው፣ አንዱ ደሞ እዚህ ልጽፈው የማልፈልገው ብልግና ነው። ይሄን የሚዘጋው ሴቲንግ ቴሌግራም ውስጥ አለ፣ ነፃ ነው፣ ግን ዝም ብሎ ከፍቶ መንካቱ ብቻ ስለማይበቃ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፈው።

መጀመሪያ እንዴት አድርገው እንደሚያስገቧችሁ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው «ቁጥሬን ከየት አገኙት» ብሎ ነው የሚጨነቀው። ቁጥራችሁ አያስፈልጋቸውም። አካውንታችሁን ማየት ከቻሉ በቂ ነው። እናንተ የቤት ኪራይ ግሩፕ ውስጥ አላችሁ፣ የአሮጌ ዕቃ መሸጫ ግሩፕ ውስጥ አላችሁ፣ የሥራ ማስታወቂያ ግሩፕ ውስጥ አላችሁ፣ እነዚህ ደሞ ማንም ሊንኩን ይዞ የሚገባባቸው ናቸው። የቴሌግራም ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል። አጭበርባሪው እንደማንኛውም ሰው ይገባና የአባላቱን ዝርዝር በሶፍትዌር ይለቅመዋል፣ ከዛ በብዙ አካውንት እየተፈራረቀ የለቀመውን ሰው ራሱ የከፈተው ግሩፕ ውስጥ ይከታል። ቦት ነው ያስገባኝ የሚል ሰው አለ ግን ቦት ሰውን ግሩፕ ውስጥ ማስገባት አይፈቀድለትም፣ የሚያስገባው የሰው አካውንት ነው፣ በሶፍትዌር የሚነዳ ቢሆንም የሰው አካውንት ነው። ይሄን ያዙት፣ ኋላ ይጠቅመናል።

ይሄ ሁሉ የሚሆነው ቴሌግራም ስትከፍቱ ከመጀመሪያው ሴቲንጉ «ማንም ሰው ሊያስገባኝ ይችላል» ላይ ስለሆነ ነው። እናንተ ካልቀየራችሁት ዕድሜ ልኩን እንደዛው ነው የሚቆየው።

አሁን እንቀይረው። ቴሌግራምን ክፈቱና Settings ውስጥ ግቡ፣ አንድሮይድ ላይ ብዙ ጊዜ ከላይ በግራ በኩል ያሉትን ሦስት መስመሮች ነክታችሁ ነው የምታገኙት፣ አይፎን ላይ ደሞ ከታች በኩል ነው። ከዛ Privacy and Security የሚለውን ንኩ። ገጹን ወደ ታች ስታወርዱት Phone Number፣ Last Seen & Online፣ Calls እያለ ይዘረዝራል፣ እዛው ዝርዝር ውስጥ Invites የሚል ታገኛላችሁ። ቴሌግራማችሁን ከቆየ ጊዜ ጀምሮ አፕዴት ካላደረጋችሁ ስሙ Groups & Channels ነው፣ ሁለቱም አንድ ናቸው፣ ስሙ ብቻ ነው የተቀየረው። ከጎኑ Everybody ካለ በሩ ክፍት ነው ማለት ነው።

ንኩትና My Contacts አድርጉት። ሳትወጡ ግን እዛው ከታች ያሉትን ሁለት መስመሮች እዩ። አንዱ Always Allow ነው፣ ሁለተኛው Never Allow ነው። Always Allow ማለት ኮንታክታችሁ ውስጥ ባይኖርም ሊያስገባችሁ የሚችል ሰው ነው። Never Allow ደሞ ኮንታክታችሁ ውስጥ ቢኖርም ሊያስገባችሁ የማይችል ሰው ነው። ሰው የሚረሳው እነዚህን ሁለቱን ነው። Always Allow ውስጥ አንዳንዴ Premium Users የሚል ምርጫ አለ፣ እሱ ተመርጦ ከተገኘ አውጡት፣ ምክንያቱም ለፕሪሚየም የከፈለ ሰው ሁሉ ያስገባኝ ማለት ነው፣ አጭበርባሪ ደሞ ለሥራው ብሎ ከመክፈል ወደኋላ አይልም። እዛው ውስጥ ግሩፕ መርጦ ማስገባትም ይቻላል፣ አንድ ግሩፕ ከመረጣችሁ የግሩፑ አባላት በሙሉ ተፈቀደላቸው ማለት ስለሆነ አምስት ስድስት ሰው ያለበት የቤተሰብ ግሩፕ ካልሆነ በቀር አትምረጡ። ስትጨርሱ ከላይ ያለውን የራይት ምልክት ነክታችሁ ውጡ፣ ሳትነኩ ወደኋላ ከተመለሳችሁ ሴቭ ላታደርጉት ትችላላችሁ። ተመልሳችሁ ገብታችሁ Invites ጎን My Contacts መባሉን እዩ።

ብዙ ሰው እዚህ ጋር ጨረስኩ ብሎ ይሄዳል። ለብዙ ሰው በእርግጥ ትልቁ ጎርፍ እዚህ ጋር ይቆማል። ግን «የኔ ኮንታክት» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ካልገባችሁ አንድ ቀን እንደገና የማታውቁት ግሩፕ ውስጥ ራሳችሁን ታገኙና «ሴቲንጉ አይሠራም» ትላላችሁ።

My Contacts ማለት እናንተ ሴቭ ያደረጋችሁት ሰው ነው። እናንተን ሴቭ ያደረገ ሰው አይደለም። ቁጥራችሁን ሺ ሰው ቢይዘው እናንተ የሱን ካልያዛችሁ ለናንተ ኮንታክት አይደለም፣ ሊያስገባችሁ አይችልም። ይሄ ደስ የሚል ነገር ነው፣ በተለይ ቁጥሩ ሱቁ በር ላይ ለተጻፈ ነጋዴ። በሌላ በኩል ግን ዛሬ ነገ ሳትሉ ባለፉት ዓመታት ስልካችሁ ውስጥ የከተታችሁት ቁጥር ሁሉ ኮንታክት ነው። አንድ ቀን የጠራችሁት ባጃጅ፣ ቤት ስትፈልጉ የያዛችሁት ደላላ፣ ፍሪጅ የሠራላችሁ ልጅ፣ ሁሉም። ስለዚህ የዚህ ሴቲንግ ጥንካሬ ከስልክ ማውጫችሁ ጥንካሬ አይበልጥም።

የጎረቤቴን ነገር ልንገራችሁ፣ እሷ ላይ ነው ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ የታየው። ከሱቄ ሁለት ሱቅ አልፋ የልጆች ልብስ የምትሸጥ እናት ናት፣ እኛ ሁላችን እትዬ ነው የምንላት። ዕቁባቸው የቴሌግራም ግሩፕ አለው፣ ዕቃ የሚልኩላት ሰዎችም በቴሌግራም ነው ፎቶ የሚልኩላት፣ ስለዚህ ቴሌግራሙን ዝጊውና ተገላገዪ የሚባልላት ሰው አይደለችም። አንድ ጠዋት ስልኳን ይዛ መጣች።

«ልጄ እኔ ምንም አልነካሁም፣ ተኝቼ ስነሳ ነው ያገኘሁት።»

ግሩፑ የቪዲዮ ላይኩ ነበር። ከላይ እስከታች «ዛሬም ገባልኝ፣ ተባረኩ» የሚል የብር ዝውውር ስክሪንሾት ነው፣ የሚያመሰግኑት አካውንቶች ግን ስማቸው የሐበሻ ሆኖ ፕሮፋይላቸው ሲከፈት ፎቶውም ምኑም አንድ ቀን የተጫነ ይመስላል። እዚህ ግሩፕ ውስጥ ያለው ጨዋታ የታወቀ ነው፣ መጀመሪያ ትንሽ ብር በእርግጥ ይልኩላችኋል፣ ከዛ ትልቁን ሥራ ለማግኘት ማስያዣ ክፈሉ ይላሉ፣ ማስያዣው ከተከፈለ በኋላ ግሩፑም ሰውየውም የለም።

ሴቲንጓን ሳየው Everybody ነው። My Contacts ላደርገው ስል እጄን ያዘችኝ።

«ቆይ፣ ከዕቁቡ እንዳታስወጣኝ!»

ብዙ ሰው ይሄን ይፈራል ግን አያስወጣም። ሴቲንጉ የሚሠራው ከዛሬ ወዲያ ለሚመጣው ነው፣ አሁን ያላችሁበትን ግሩፕ አንዱንም አይነካም፣ መጥፎውንም ጥሩውንም። ስለዚህ ዕቁቧ እንዳለ ይቆያል፣ የቪዲዮ ላይኩ ግሩፕም እንዳለ ይቆያል፣ እሱን ራሷ መውጣት አለባት ማለት ነው።

አስወጣኋት፣ አመስግናኝ ሄደች፣ ለተወሰነ ጊዜም ምንም አልነበረም። ከዛ እንደገና መጣች፣ የክሪፕቶ ግሩፕ ውስጥ ገብታለች። ሴቲንጉ My Contacts እንደሆነ ነው፣ ማንም አልቀየረውም። ስለዚህ ያስገባት ሰው የግድ ኮንታክቷ ውስጥ ያለ ነው ማለት ነው። ግሩፑ ውስጥ ገብታችሁ መልእክቶቹን መጀመሪያ እስከ ገባችሁበት ሰዓት ድረስ ወደ ላይ ከሄዳችሁባቸው መሀል ላይ ትንሽ ግራጫ ጽሑፍ አለ፣ እገሌ አስገባሽ የሚል፣ ስሙን ስትነኩት ፕሮፋይሉ ይከፈታል። የሷ ላይ «ደላላ የሱቅ» ይላል። ሱቁን ስትከራይ የያዘችው ደላላ ነው፣ ድሮ። ፕሮፋይሉ ላይ ያለው ፎቶ ግን የሌላ ሰው ነው።

«እሱ ጥቁር ረጅም ነው፣ ይሄማ እሱ አይደለም» አለችኝ።

ደወለች። የምታውቀው ሰውዬ ሳይሆን አንድ ወጣት ልጅ አነሳ፣ ሲሙን በቅርብ ነው የገዛሁት አለ። የሆነው ምንድነው፣ ደላላው ቁጥሩን ትቶታል፣ ብዙ ጊዜ ያልተሠራበት ቁጥር ደሞ ተመልሶ ለሌላ ሰው ይሸጣል፣ አዲሱ ባለቤት በዛ ቁጥር ቴሌግራም ሲከፍት እሷ ስልክ ላይ በ«ደላላ የሱቅ» ስም ኮንታክት ሆኖ ቁጭ አለ። እሷ አታውቀውም፣ ቴሌግራም ግን ታውቀዋለች ብሎ ነው የሚያስበው።

ያደረግነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ ቁጥሩን ከስልኳም ከቴሌግራሟም አጠፋን። ሁለቱንም ማጥፋት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም Sync Contacts የሚባለው በርቶ ከሆነ ስልኩ ላይ የቀረው ቁጥር ተመልሶ ቴሌግራም ውስጥ ይገባል። ይሄ Sync Contacts እዛው Privacy and Security ውስጥ ወደ ታች ነው ያለው። ሁለተኛ የቀረውን ማውጫዋን አብረን ወረድንበት። «ሹፌር ሻሸመኔ»፣ «ጫማ መርካቶ»፣ «ቧንቧ»፣ «የሆስፒታሏ ልጅ» እያለ ይሄዳል። የማትፈልገውን አጠፋች። የምትፈልገውን ግን ግሩፕ እንዲያስገባት የማትፈልገውን፣ ለምሳሌ ሹፌሩን፣ Never Allow ውስጥ ከተትነው። Never Allow ውስጥ ስለገባ መደወልም መጻፍም አይከለከልም፣ ግሩፕ ውስጥ መክተት ብቻ ነው የሚከለከለው፣ እሱም አያውቅም።

እዛው Sync Contacts አጠገብ Delete Synced Contacts የሚል አለ፣ እሱን ጠቅ አድርጎ ሁሉንም በአንዴ መጥረግ የሚመክር ሰው አጋጥሞኛል። ስልካችሁ ላይ ያለውን ማውጫ አያጠፋም፣ ከቴሌግራም ላይ ግን ኮንታክታችሁን በሙሉ ይጠርገዋል፣ ሲንኩ በርቶ ከሆነ ደሞ ተመልሶ ይሞላል። ነጋዴ ለሆነ ሰው አልመክረውም፣ በማግስቱ ማን ማን እንደሆነ ግራ ይገባችኋል። ኮንታክት ውስጥ ሰው ለማይበዛበት፣ ለምሳሌ ለልጅ ስልክ፣ ሲንኩን አጥፍቶ መጥረግ ጥሩ ነው።

ሌላ ተጠንቀቁ የምለው የማታውቁት ሰው በግል ሲጽፍላችሁ ከላይ የሚመጣውን ነገር ነው። ሁለት በተን ይመጣል፣ አንዱ ብሎክ ማድረጊያ ነው፣ አንዱ ኮንታክት ውስጥ ማስገቢያ ነው። ሰው በተኑ እንዲጠፋለት ብሎ ብቻ ሁለተኛውን ይነካል። ያኔ ሰውየው ኮንታክት ሆነ፣ በሩን በእጃችሁ ከፈታችሁለት። «ቁጥሬን ሴቭ አርጊው እንጂ የምልክልሽ አይታይሽም» የሚሉም አሉ፣ ይሄ ውሸት ነው፣ ሴቭ ባይደረግም መልእክቱ ይታያል፣ ሴቭ ማድረጉ የሚጠቅመው እሱን ነው።

አንዳንድ ስልክ ላይ My Contacts ሥር Nobody የሚል ሦስተኛ ምርጫ ካገኛችሁ ሁሉንም ይዘጋል፣ ከዛ Always Allow ውስጥ እናታችሁን፣ የዕቁቡን ጸሐፊ፣ የልጃችሁን መምህር ብትከቱ በቂ ነው። ምርጫው ከሌላችሁ አትፈልጉት፣ My Contacts ከጸዳ ማውጫ ጋር ያው ሥራውን ይሠራል።

ሠርቷል አልሠራም ብላችሁ መጠበቅ አያስፈልግም፣ እዛው ሞክሩት። የእትዬን እንዲህ ነው የሞከርኩት፣ ሱቅ ውስጥ ያለው ሁለተኛው ስልኬ ቁጥሩ እሷ ጋር የለም። ከሱ ላይ አዲስ ግሩፕ ከፍቼ በዩዘርኔሟ ፈልጌ ላስገባት ስሞክር ቴሌግራም ይህች ሰው አትገባም፣ ከፈለግክ የመጋበዣ ሊንክ ላክላት አለኝ። ከራሴ ስልክ ስሞክር ደሞ፣ እኔን ሴቭ አድርጋኛለች፣ ወዲያው ገባች። ሁለቱን አንድ ላይ ስታዩ ነው ሴቲንጉ በትክክል እንደሚሠራ የምታረጋግጡት። እናንተም ቁጥሩን ያልያዛችሁትን ሰው፣ የጓደኛ ጓደኛ ምናምን፣ አስሞክሩት።

ከዚህ የምታዩት ነገር ደሞ የሴቲንጉን ልክ ነው። ማስገባት ያቃተው ሰው ሊንክ በግል ሊልክላችሁ ይችላል። ይሄ አይዘጋም። ልዩነቱ ካልነካችሁት አትገቡም፣ ውሳኔው የናንተ ሆነ። ሊንኩ t.me/+ ብሎ የሚጀምር ከሆነ የዝግ ግሩፕ መጋበዣ ነው። t.me/addlist የሚል ከሆነ ግን የበለጠ ተጠንቀቁ፣ እሱ ፎልደር ነው፣ ውስጡ ብዙ ግሩፕና ቻናል አለው፣ አንዴ ተስማማሁ ካላችሁ ምልክቱን ያላነሳችሁለት ሁሉ ውስጥ በአንዴ ትገባላችሁ። «የሐዋሳ ሥራዎች በሙሉ በአንድ ፎልደር» የሚባል ነገር ሲላክላችሁ ከመቀበላችሁ በፊት ዝርዝሩን ወደ ታች አውርዳችሁ እዩ፣ የማትፈልጉትን ምልክቱን አንሱት። በፎልደር የገባችሁበት ግሩፕ በInvites ሴቲንግ አይታገድም፣ ምክንያቱም በቴሌግራም ዓይን ራሳችሁ ናችሁ የገባችሁት።

ቀድሞ የገባችሁበትን ግሩፕ እንዴት እንደምትወጡም ልበል። የማታውቁት ሰው ካስገባችሁ ግሩፑን ስትከፍቱት ከላይ Report spam and leave የሚል ይመጣል፣ እሱን ንኩ፣ ሪፖርትም ታደርጋላችሁ ትወጣላችሁም። ከመውጣታችሁ በፊት «ማን ነው ያስገባኝ? አውጡኝ!» ብላችሁ አትጻፉ፣ የጻፈ ሰው አካውንቱ የሚሠራ ሰው እንደሆነ ያሳውቃል፣ ከዛ አድሚን ነኝ የሚል በግል ይመጣባችኋል። ሚውት አድርጎ ወይ አርካይቭ ውስጥ ወርውሮ መተውም አይበቃም፣ ድምፁ ጠፋ እንጂ እናንተ አሁንም አባል ናችሁ፣ ስማችሁ ዝርዝሩ ላይ አለ፣ ከዛ ዝርዝር ላይ ደሞ ሌላው ይለቅማችኋል። ውጡ።

«ብወጣስ መልሰው ያስገቡኛል» ለምትሉ፣ ከአንድ ግሩፕ ራሳችሁ ከወጣችሁ እዛው ግሩፕ ውስጥ መልሶ ሊያስገባችሁ የሚችለው እናንተ የሱን እሱም የናንተን ቁጥር የያዘ ሰው ብቻ ነው። አጭበርባሪው ይሄ ስለማይሆንለት ነው በየጊዜው አዲስ ግሩፕ የሚከፍተው። ስለዚህ መውጣት ዋጋ አለው፣ ግን ሴቲንጉን ሳይዘጉ መውጣት ብቻ ማለቂያ የለውም።

አንድ በጣም ትኩረት የምትሰጡት ነገር አለ። ያቺን ግራጫ ጽሑፍ ስታዩ እገሌ አስገባህ የሚል ሳይሆን ራስህ በሊንክ ገባህ የሚል ከሆነና እናንተ ደሞ ምንም ሊንክ ካልነካችሁ፣ ጉዳዩ ከInvites ሴቲንግ ጋር አይገናኝም። ወይ ልጃችሁ ስልኩን ይዞ ነክቶታል፣ ወይ አካውንታችሁ ሌላ ሰው ጋር ተከፍቷል። Settings ውስጥ Devices የሚለውን ክፈቱ። አካውንታችሁ የተከፈተበት ስልክና ኮምፒውተር በሙሉ ይታያል፣ የማታውቁት ካለ ወይም ድሮ ኢንተርኔት ቤት ከፍታችሁ ሳትዘጉት የቀረ ካለ Terminate All Other Sessions በሉት፣ ከያዛችሁት ስልክ በቀር ሁሉም ይዘጋል። ከዛ ወደ Privacy and Security ተመልሳችሁ Two-Step Verification ላይ ፓስወርድ አድርጉ። «ለልጄ ድምፅ ስጡልኝ» ብሎ ሊንክ የሚልክና ከቴሌግራም የመጣውን ኮድ የሚጠይቅ ነገር አለ አይደል፣ አካውንት የሚወሰደው ብዙ ጊዜ በሱ ነው፣ ፓስወርድ ካለ ኮዱ ብቻውን አያስገባም።

በተመሳሳይ አክስታችሁ በድንገት የክሪፕቶ ግሩፕ ውስጥ ብትከታችሁ አክስታችሁን አትቆጧት፣ አካውንቷ ተወስዶ ሊሆን ስለሚችል በቴሌግራም ሳይሆን በስልክ ደውላችሁ Devices እንድታይ ንገሯት። እስክታስተካክል ድረስ Never Allow ውስጥ አቆይዋት፣ ከዛ ታወጧታላችሁ።

ቁጥርን በተመለከተ እዛው ገጽ ላይ Phone Number የሚል አለ፣ Nobody አድርጉት፣ ያኔ የማታውቁት ግሩፕ ውስጥ ብትገኙ እንኳን አባላቱ ቁጥራችሁን አያዩም። Nobody ስታደርጉት ከሥሩ ቁጥሬን የያዘ ሰው በቁጥሬ ያግኘኝ ወይ የሚል ሌላ ጥያቄ ይመጣል። እዚህ ላይ ለሁሉም ሰው አንድ መልስ የለኝም። ተማሪ ከሆናችሁ ወይ ቢሮ የምትሠሩ ከሆነ My Contacts አድርጉት። እንደ እትዬ ደንበኛ ቁጥሩን ከሱቅ በር ላይ አንብቦ በቴሌግራም የሚፈልጋችሁ ከሆነ ግን Everybody ላይ ተዉት፣ አለበለዚያ ደንበኛው ሲፈልጋችሁ ያጣችኋል።

ዋትስአፕ ለምትጠቀሙ፣ እዛ ደሞ Settings ከዛ Privacy ከዛ Groups ነው። Everyone፣ My contacts እና My contacts except... የሚሉ ሦስት ምርጫዎች አሉ፣ ሦስተኛው ከኮንታክቶቻችሁ መሀል የማትፈልጉትን የምትመርጡበት ነው፣ ሁሉንም ብትመርጡ ማንም አያስገባችሁም ማለት ነው። ዋትስአፕ ላይ ይሄ ይበልጥ ያስፈልጋል፣ ግሩፕ ውስጥ ከገባችሁ ቁጥራችሁ ለአባላቱ ይታያልና። የተከለከለ ሰው መጋበዣ በግል ይልክላችኋል፣ 3 ቀን ውስጥ ካልተቀበላችሁት ራሱ ያልፍበታል።

ግሩፕ የምትመሩ ካላችሁ፣ የዕቁብም የዕድርም የትምህርት ቤት ወላጆችም፣ እናንተም ሰው ከማስገባት ሊንክ ላኩ። ሰው ሴቲንጉን ሲዘጋ «አልገባ አለኝ» ብላችሁ አትጨቅጭቁት። ሊንኩን ስትሠሩ Request Admin Approval የሚለውን አብሩት፣ ሊንኩ ከእጅ ወደ እጅ ቢዞር እንኳን እናንተ ሳታጸድቁ ማንም አይገባም፣ ሊንኩ መቼ እንደሚዘጋም እዛው ትወስናላችሁ። ግሩፓችሁ ከ100 ሰው በላይ ከሆነ ደሞ የግሩፑ ሴቲንግ ውስጥ Members ላይ ገብታችሁ Hide Members አብሩ፣ ዝርዝሩን ከአድሚን በቀር ማንም አያየውም፣ ገብቶ የሚለቅመው ሰውዬ እናንተ ጋር ሲደርስ ባዶ ያገኛል።